ግልጽ ደብዳቤ ለአማርኛ ፊልም ሠሪዎች፦ ለዓይነ ስውር ተመልካች ገለጻ እንጻፍ

ለ፦ አማርኛ ፊልምና ተከታታይ ድራማ ለምትሠሩ ፕሮዲውሰሮች፣ ዳይሬክተሮችና ኤዲተሮች
ለ፦ እነዚህን ሥራዎች ለምታሳዩ የቴሌቪዥን ጣቢያዎችና የዩቲዩብ ቻናል ባለቤቶች
ጉዳዩ፦ የድምፅ ገለጻ ጽሑፍን ይመለከታል

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣

ፊልሞቻችሁን የሚከታተሉ ዓይነ ስውራን አሉ። ብዙ ናቸው። ከቤተሰብ ጋር ሳሎን ተቀምጠው ተከታታይ ድራማ የማያመልጣቸው፣ ተዋናዩን በድምፁ ብቻ የሚለዩ፣ ማን ከማን እንደተጣላ ከእኛ በላይ የሚያስታውሱ ሰዎች ናቸው። ንግግር እስካለ ድረስ ከማንም እኩል ይከታተላሉ። ችግሩ የሚመጣው ሰው ዝም ሲል ነው። ሙዚቃው ከፍ ይላል፣ አንድ ነገር ይሰበራል፣ ሶፋው ላይ ያለው ሁሉ «ውይ!» ይላል። ዓይነ ስውሩ «ምን ሆነ?» ብሎ ይጠይቃል። አጠገቡ ያለው «ቆይ እነግርሃለሁ» ይለዋል። እስኪነገረው ደግሞ የሚቀጥለው ንግግር ያመልጠዋል።

ለዚህ የተበጀ ሥራ አለ። ኦዲዮ ዲስክሪፕሽን ይባላል፤ እዚህ ደብዳቤ ላይ የድምፅ ገለጻ እለዋለሁ። በንግግሮች መሃል ባለው ክፍተት ውስጥ አንድ ተራኪ ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ባጭሩ ይናገራል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1981 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ፣ አሬና ስቴጅ በሚባለው ቲያትር ቤት፣ ማርጋሬት ፋንስቲል የተባለች የማየት ችግር የነበረባት ሴት በኋላ ባለቤቷ ከሆነው ከኮዲ ጋር ሆና ለመድረክ ቲያትር ገለጻ ጀመረች። በ1990 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቦስተን ያለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ደብሊው ጂ ቢ ኤች በቋሚነት ለቴሌቪዥን አመጣው። ዛሬ ብዙ የውጭ ፊልም ከዚህ ድምፅ ጋር ይወጣል። የኛስ? አገራችን በ2010 እ.ኤ.አ. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት አንቀጽ 30 ላይ ቴሌቪዥን፣ ፊልምና ቲያትር አካል ጉዳተኞች ሊከታተሉት በሚችሉት መልክ እንዲቀርብ ይላል። ሕጉን ለመጥቀስ ያህል ነው እንጂ የጻፍኩላችሁ በሕግ ላስፈራራችሁ አይደለም። ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ላሳያችሁ ነው። ምክንያቱም ከብዙዎቻችሁ ጋር ስንነጋገር የምሰማው ተቃውሞ አንድ ነው፦ «ፊልሙ ላይ ሰው ሲለፈልፍበት ይበላሻል።»

ልክ ናችሁ። በመጥፎ ጽሑፍ ይበላሻል። ስለዚህ ስለ ጽሑፉ እናውራ።

መጀመሪያ የሚደረገው ነገር ፊልሙን ሳያዩ መስማት ነው። ስክሪኑን ሸፍናችሁ፣ ወይም ጀርባችሁን ሰጥታችሁ፣ ከዳር እስከ ዳር ስሙት። የጠፋችሁን ቦታ ሁሉ ሰዓቱን ጻፉ። እዚህ ቦታ ላይ «ማን ገባ?»፣ እዚያ ቦታ ላይ «ይሄ ምን ድምፅ ነው?» ትላላችሁ። ያ ዝርዝር የጽሑፋችሁ አጽም ነው። ብዙ ጊዜ ከጠበቃችሁት በላይ ብዙ ነገር በጆሮ ብቻ እንደሚገባችሁ ታያላችሁ። ስልክ ከጮኸ ስልክ ጮኸ ብሎ መናገር አያስፈልግም። ሕፃን ካለቀሰም እንዲሁ። ጆሮ የሰማውን አትድገሙበት።

ከዚያ ክፍተቶቹን ትለካላችሁ። እዚህ ላይ የውጭ መመሪያ አይጠቅመንም። እንግሊዝኛው በደቂቃ ይህን ያህል ቃል ይላል። የኛ አንድ ቃል ግን ማን፣ ለማን፣ ምን እንዳደረገ በአንድ ላይ ሊሸከም ይችላል። «አላሳየቻቸውም» አንድ ቃል ነው። ስለዚህ እኔ የምቆጥረው ፊደል ነው። ተረጋግቶ ለሚያነብ ተራኪ በሰከንድ ወደ ስድስት ፊደል እመድባለሁ። አሥር ሰከንድ ክፍተት ካለ ስልሳ ፊደል ይገባል ማለት ነው። ግን ስልሳውን አልሞላውም። ክፍተቱ ውስጥ ዝናብ አለ፣ እስክስታ አለ፣ ትንፋሽ አለ። እሱም የፊልሙ ነው። ዓይነ ስውሩ ያንንም መስማት አለበት።

አሁን አንድ ትዕይንት አብረን እንሥራ። የማንም ፊልም አይደለም፤ ለዚህ ደብዳቤ ያዘጋጀሁት ነው። እንደሱ ያለ ግን በየፊልማችሁ አለ።

ሌሊት ነው፣ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል። አባትየው አቶ ታደሰ ልጃቸውን ሰላምን «ነገ ጠዋት እንነጋገራለን» ብለው ወጥተዋል፤ እግራቸው ሲርቅ፣ በሩ ሲዘጋ ይሰማል። ፊልሙ 41 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ላይ ነው። ከዚህ በኋላ ማንም ሰው እስከ 41፡57 አይናገርም። በዚህ መሃል ሰላም በሩን ዞር ብላ ታያለች፣ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የአባቷ ካፖርት ኪስ ቁልፍ ታወጣለች፣ ጥግ ያለውን የእንጨት ሳጥን ትከፍታለች። 41፡32 ላይ የሳጥኑ ማጠፊያ ሲጢጥ ይላል። ከጋቢ ስር በክር የታሰሩ ደብዳቤዎች ታገኛለች። አንዳቸውም አልተከፈቱም። የላይኛው ፖስታ ላይ የራሷ ስም አለ። 41፡50 ላይ ትቀደዋለች። 41፡53 ላይ ካሜራው ወደ በሩ ይዞራል፤ አባቷ ቆመዋል፣ እሷ አላየቻቸውም። 41፡57 ላይ «ማን ፈቀደልሽ?» ይላሉ።

አንድ ጀማሪ ይህን ሲጽፍ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ይጀምራል፦

«ሰላም በጣም አዝና በቀስታ ተነስታ ወደ ግድግዳው ሄዳ የአባቷን ካፖርት ኪስ በፍርሃት እየፈተሸች የሳጥኑን ቁልፍ ታወጣለች።»

ፊደሉን ቁጠሩት፤ 61 ነው። አሥር ሰከንድ ይፈጃል። እስከ ሲጢጥታው ያለን ጊዜ ደግሞ 12 ሰከንድ ብቻ ነው። ሳጥኑ ገና አልተከፈተም። ግን የጊዜው ነገር ትንሹ ችግር ነው። ሌሎቹን እንያቸው።

«በጣም አዝና» የሚለውን ማን ነገረን? ስክሪኑ ላይ ሐዘን አይታይም፤ የሚታየው ፊት ነው። ተዋናይቷ በፊቷ የሠራችውን ሥራ ተራኪው በአንድ ቃል ፈርዶ ጨረሰው። «በፍርሃት» የሚለውም እንደዚያው ነው። ፍርሃቷ የሚታየው በሩን ዞር ብላ በማየቷ ነው። እሱን ከተናገርን አድማጩ ፍርሃቱን ራሱ ያገኘዋል። «የሳጥኑን ቁልፍ» ደግሞ ገና ያልታየ ነገር ነው። የሚያይ ተመልካች በዚያች ሰከንድ የምን ቁልፍ እንደሆነ አያውቅም፤ ቁልፍ ብቻ ነው የሚያየው። ዓይነ ስውሩ ከሚያየው ሰው በፊት ማወቅ የለበትም፣ ኋላም መቅረት የለበትም።

ትልቁ አደጋ ግን ሲጢጥታው ነው። ዓይን በሌለበት ሲጢጥ የሚል ማጠፊያ በር ነው። አድማጩ አባትየው የተመለሱ መስሎት ልቡ ይሰቀላል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ በተሳሳተ ግምት ነው የሚሰማው፤ ኋላ እውነት ሲመጡ ደግሞ ድንጋጤው ይበላሻል። ስለዚህ ሳጥኑ ከድምፁ በፊት ስሙ መጠራት አለበት። ከድምፁ በኋላ ቢነገር ረፍዷል።

ጽሑፉ ሲስተካከል እንዲህ ይሆናል። የመጀመሪያው ቁጥር ተራኪው የሚጀምርበት፣ ሁለተኛው መጨረስ ያለበት ሰዓት ነው።

41፡21 – 41፡28
ሰላም በሩን ዞር ብላ ታያለች። የአባቷ ካፖርት ኪስ ውስጥ እጇን ትከታለች። ቁልፍ።

41፡29 – 41፡32
ጥግ ያለውን ሳጥን ትከፍታለች።

41፡35 – 41፡43
ከጋቢ ስር፣ በክር የታሰሩ ደብዳቤዎች። አንዳቸውም አልተከፈቱም። የላይኛው ላይ «ለሰላም ታደሰ» ይላል።

41፡53 – 41፡57
አቶ ታደሰ በሩ ላይ ቆመዋል። አላየቻቸውም።

እስቲ ምን እንዳልተጻፈ ተመልከቱ። ዝናቡ አልተጻፈም፤ ይሰማል። ፖስታው ሲቀደድ አልተጻፈም፤ የወረቀት ድምፅ አለ፣ ደብዳቤ እንደያዘችም ተነግሯል። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሶፋ፣ መጋረጃ፣ ፎቶ አልተጻፈም። ለታሪኩ ካስፈለገ ቀደም ብሎ በሰፊው ክፍተት ይነገራል። «አባቷ ለዓመታት የደበቁባት ደብዳቤ» ተብሎም አልተጻፈም። ጽሑፍ የሚጽፍ ሰው ሁሉ እጁን የሚበላው እዚህ ጋ ነው። ግን ያልተከፈተ ደብዳቤ በሷ ስም፣ የአባቷ ቁልፍ በሚከፍተው ሳጥን ውስጥ ነው። ድምሩን ተመልካቹ ራሱ ይሥራው። ፊልም የሚጣፍጠው እሱ ላይ ነው፤ ለዓይነ ስውር ሲሆን ተላምጦ የሚሰጥበት ምክንያት የለም።

የመጨረሻዋን መስመር ደግሞ ዝም ማለትም ይቻል ነበር። አባትየው ከአራት ሰከንድ በኋላ ራሳቸው ይናገራሉ፣ በድምፃቸው ይታወቃሉ። አንዳንድ ሰው «ታዲያ ምን ያስፈልጋል?» ይላል። የሚያይ ተመልካች ግን ለአራት ሰከንድ ከሰላም በላይ ያውቃል። «ዞር በይ! ዞር በይ!» እያለ ነው። ዳይሬክተሩ ካሜራውን ወደ በሩ ያዞረው ለዚያች አራት ሰከንድ ነው። እሷን ከዘለልን ዓይነ ስውሩ ሌላ ፊልም ነው የሰማው። ጥሩ ገለጻ ጸሐፊ ሁልጊዜ ራሱን የሚጠይቀው ይህን ነው፦ በዚህች ቅጽበት ማን ምን ያውቃል?

አሁን ስለ ቋንቋችን ልበል። በትርጉም የማይሆነው እዚህ ጋ ስለሆነ ትንሽ ብቆይበት አትቀየሙኝ።

የመጀመሪያው የአክብሮት ነገር ነው። «በሩ ላይ ቆመዋል» ብቻ ብንል ስንት ሰው ነው የቆመው? አንድ አባት ወይስ ሦስት ፖሊስ? አማርኛ ለአንቱታውም ለብዙውም አንድ ግስ ነው የሚሰጠው። ዓይን ያለው ሰው ግራ አይጋባም፤ ዓይነ ስውሩ ግን በጨለማ ቤት ውስጥ ሰው እያበዛ ይሄዳል። ስለዚህ በአንቱታ ለሚጠሩ ገጸ ባሕርያት ስማቸው ወይም ማዕረጋቸው ቶሎ ቶሎ መደገም አለበት። «አቶ ታደሰ ቆመዋል»፣ «አባ ይነሳሉ»፣ «ኮሎኔሉ ይወጣሉ»። በጽሑፍ ሲነበብ ድግግሞሹ ይቆረቁራል። ለጆሮ ግን ትክክል ነው። ከዚህ በፊት ደግሞ አንድ ውሳኔ አለ፦ ተራኪው ማንን አንቱ ይላል? ሽማግሌውን «ይቀመጣል» ቢል ጆሮ ይሻክራል። የመንደሩን ሌባ «ይቀመጣሉ» ቢልም እንደዚያው። ፊልሙ ውስጥ ያሉት ሰዎች በአብዛኛው እንዴት እንደሚጠሩት አይቶ መወሰንና እስከ መጨረሻው መጽናት ነው። ሽማግሌው ወንጀለኛ መሆናቸው የሚገለጠው መጨረሻ ላይ ከሆነ ተራኪው ከመሃል አንቱታውን መንጠቅ የለበትም፤ እንዲያ ካደረገ ፈረደ ማለት ነው።

ሁለተኛው ጾታ ነው። የወንጀል ፊልም ስትሠሩ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ኮፍያ አጥልቆ ይገባል። እንግሊዝኛ ጾታውን ሳይናገር ያልፈዋል። የኛ ግስ ግን «ገባ» ወይ «ገባች» ሳይል አያልፍም። ገዳይዋ ሚስትየው ብትሆንና ዳይሬክተሩ አንድ ሰዓት ሙሉ ቢደብቃት፣ ተራኪው «ኮፍያ ያጠለቀ ሰው ይገባል» ሲል ዋሽቷል፤ «ትገባለች» ሲል ደግሞ ፊልሙን አቃጥሏል። መውጫ አለው። ሰውየውን ትቶ የሚታየውን ነገር ባለቤት ማድረግ ነው፦ «በሩ ይከፈታል። ጥቁር ጓንት መሳቢያውን ይስባል።» ጓንት ይስባል፣ ጫማ ይረግጣል፣ ጥላ ያልፋል። ካሜራውም በአብዛኛው የሚያሳየው ይህንኑ ነው። ሰውየውን ሙሉ ቢያሳይ ኖሮ ምስጢሩ አይደበቅም ነበር።

ሦስተኛው የግሱ ቦታ ነው። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። «ሽጉጡን ከወገቡ አውጥቶ ወደ ወንድሙ አነጣጥሮ…» እያልን ሳለ ጥይቱ ከጮኸ ግሱ በጥይቱ ተበላ። ተኮሰ? ጣለው? ማን ተኮሰ? ከድምፅ በፊት ያለ ዓረፍተ ነገር አጭር ይሁን፣ ግሱ ከድምፁ ቀድሞ ይድረስ። «ሽጉጥ ያወጣል። ወንድሙ ላይ ያነጣጥራል።» ከዚያ ዝምታ፣ ከዚያ ጥይቱ። «እየ…»፣ «አድርጎ…»፣ «ብሎ…» እያሉ ሰንሰለት መሥራት በጽሑፍ የምንወደው ነገር ነው። እዚህ ግን ጠላታችን ነው።

ጊዜው የአሁን ይሁን፦ ትገባለች፣ ይቀመጣል፣ ያያታል። ይሄ ለጆሯችን እንግዳ አይደለም። የቲያትር ጽሑፋችን በቅንፍ «ይገባል፣ ይወጣል» ሲል ነው የኖረው። በሬዲዮ የኳስ ጨዋታ ሲተላለፍም «ይዞ ይገባል፣ ያሻግራል» ነው የሚባለው። እንዲያውም ጥሩ የሬዲዮ ኳስ አስተላላፊ ለዚህ ሥራ ከተዋናይ ይልቅ ይቀርባል። ማን ኳሱን እንደያዘ፣ የት እንዳለ፣ ወዴት እንደሚሄድ በአጭሩ መናገር ለምዷል።

እዚህ ላይ የቋንቋችንን ሀብትም ልጥቀስ። «በቀስታ ማንም ሳያየው ገባ» ከማለት «ሾልኮ ገባ» ይበቃል። «በበሩ ክፍተት ተደብቃ አየች» ከማለት «አጮለቀች»። ገላመጠችው፣ ጠቀሰው፣ ተንደረደረ፣ ተወላከፈ፣ ተጎማለለ፣ አንገቷን ደፋች፣ ግንባሩን ቋጠረ። እነዚህ ሁሉ የሚታይ ነገር ናቸው፤ ፍርድ አይደሉም። ሁለት ሰከንድ ይቆጥባሉ። «ነጠላዋን አዘቅዝቃለች» ስንል ደግሞ ሐዘን ላይ መሆኗን ሳንናገር ተናገርን፤ ምክንያቱም እዚህ አገር ያደገ ዓይነ ስውር ነጠላ ማዘቅዘቅ ምን እንደሆነ ጠንቅቆ ያውቃል። ከውጭ የመጣ ጽሑፍ ቢተረጎም ኖሮ «ነጭ የጥጥ ልብስ ለብሳለች» ነበር የሚለን። ለዚህ ነው ጽሑፉ ፊልሙን በአማርኛ አይቶ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ይፈልጋል የምለው።

ሥራው የማይችለው ነገርም አለ። ኮሜዲዎቻችን ላይ ወሬ አይቆምም። አራት ሰው በአንዴ ያወራል፣ የሦስት ሰከንድ ክፍተት ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። ንግግር ላይ መውጣት ደግሞ አይቻልም፤ ሁለቱም አይሰማም። እንደዚያ ሲሆን ቅደም ተከተል ማበጀት ነው፦ መጀመሪያ ማን መጣ ማን ሄደ፣ ቀጥሎ ምን አደረገ፣ ከዚያ የት ነው። ልብስና ቤት መጨረሻ ይመጣሉ። የቀረውን ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት በሁለትና በሦስት ደቂቃ መግቢያ መንገር ይቻላል፦ ዋና ዋናዎቹ ሰዎች ምን ይመስላሉ፣ ቤቱ እንዴት ነው፣ ማን ምን መልበስ ይወዳል። የሚያስቅ ነገር በምስል ብቻ ከመጣ ግን ቃሉ ከሳቁ ጋር እኩል መድረስ አለበት። ሳሎኑ ስቆ ከጨረሰ በኋላ የሚነገር ቀልድ ለብቻ መቅረትን ያስታውሳል።

ስክሪን ላይ የሚጻፍ ነገርም አይረሳ። «ከአምስት ዓመት በኋላ»፣ የስልክ መልእክት፣ የጋዜጣ ርዕስ፣ የመቃብር ድንጋይ ላይ ያለ ስም። በትግርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ተነግሮ ከስር በአማርኛ የሚተረጎም ንግግር ካለም መነበብ አለበት። ሌላ ድምፅ ያንብበው፤ ገለጻው ከንግግሩ እንዲለይ። ማፈርም አይገባም። መሳሳም ካለ፣ ደም ካለ፣ እናንተ ካሳያችሁት ተራኪው ይናገራል። ዓይነ ስውር ተመልካች ሕፃን አይደለም።

ከተጻፈ በኋላ የሚመጣው እርምጃ ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። ጽሑፉን ከመቀዳቱ በፊት ፊልሙ ጋ እያነበባችሁ ለዓይነ ስውር ሰው አሰሙ። ክፍያ ከፍላችሁ፤ ሙያ ነውና። «ወደድከው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ይሉኝታ ይይዘዋል፣ «በጣም ጥሩ ነው» ይላችኋል። ትዕይንቱ ሲያልቅ አቁሙና ታሪኩን እንዲነግራችሁ ጠይቁ። ክፍሉ ውስጥ ማን ማን አለ? ደብዳቤው አሁን ማን እጅ ነው? አባትየው አይተዋታል ወይ? መልሱ የተሳሳተበት ቦታ ጽሑፋችሁ የተሳሳተበት ቦታ ነው። አንዳንዴ ደግሞ «ይሄን ባትነግሩኝ ይሻላል፣ ከድምፁ ገብቶኛል» ይላችኋል። ያኔ ሰርዙ። የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበርን ብታነጋግሩ ፊልም የሚወዱና ለመናገር የማያመነቱ ሰዎች አይጠፉም።

ቀረጻው ቀላል ነው። ድምፁ ከተዋናዮቹ የተለየ ይሁን። አይተውን፣ አያለቅስ፣ ግን የፊልሙን ፍጥነት ይከተል። ተራኪው ሲናገር የፊልሙ ድምፅ በትንሹ ዝቅ ይበል፣ ሲጨርስ ቀስ ብሎ ይመለስ። ድንገት የሚዘቅጥና የሚዘል ከሆነ ጆሮ ያደክማል።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ኤዲተሮች፣ ፊልሙን ጨርሳችሁ ስታስረክቡ ንግግሩን፣ ሙዚቃውንና ሌላውን ድምፅ በየራሱ ፋይል አስቀምጡ። አሁን ምንም አያስወጣችሁም፤ ከዓመት በኋላ ግን ሁሉም ተደባልቆ አንድ ከሆነ ገለጻውን በጥሩ ሁኔታ ማስገባት ያስቸግራል። ፕሮዲውሰሮች፣ የመጨረሻው ኤዲት ካለቀበት ቀን እስከ ምረቃው ድረስ ለገለጻ ጸሐፊው ጊዜ ስጡት፤ ጽሑፉ ከተጀመረ በኋላ አንድ ትዕይንት ከተቆረጠ ሰዓቱ ሁሉ ይዛባል። ዳይሬክተሮች፣ ጽሑፉን አንድ ጊዜ ከጸሐፊው ጋር ቁጭ ብላችሁ ስሙት። ካሜራውን ወደ በሩ ለምን እንዳዞራችሁት ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። የዩቲዩብ ቻናል ባለቤቶች፣ ፊልሙን ስትለቁ ገለጻ የገባበትን ቅጂ ለብቻው ልቀቁት፣ ርዕሱ ላይ «ከድምፅ ገለጻ ጋር» ብላችሁ ጻፉ፤ ስልኩ የሚያነብለት ሰው ፈልጎ ያገኘዋል። ጣቢያዎች፣ ከተከታታዮቻችሁ አንዱን ምረጡና በድጋሚ በሚተላለፍበት ሰዓት ከገለጻ ጋር አሳዩት። ዋናው ሰዓት አይነካም፤ የሚያማርርም ካለ ሌላ ሰዓት አለው።

ከእናንተ ውስጥ በአንድ ፊልም ለመጀመር የሚፈልግ ካለ፣ የመጀመሪያዎቹን ሃያ ደቂቃዎች ጽሑፍ አብሬው ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ። ክፍያ አልጠይቅም። የምጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ፊልሙን ከምረቃው ቀደም ብሎ ማግኘትና ጽሑፉን የሚፈትሽ ዓይነ ስውር ባለሙያ ክፍያው እንዲያዝለት።

ከአክብሮት ጋር፣
የፊልምና የድምፅ ገለጻ ጸሐፊ
አዲስ አበባ